የእናቴ የትሬድሚል ምርመራ «ፖዘቲቭ» ሆነ፤ ቀጥሎ የቱ ምርመራ ይቅደም?

የ54 ዓመቷ እናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ዳገት ስትወጣ ደረቷን ስለሚጨንቃት በመሮጫ ማሽን ላይ እየተራመደች ልቧ የሚታይበት የትሬድሚል ምርመራ ታዘዘላት። በስድስተኛው ደቂቃ የልብን ኤሌክትሪክ በሚመዘግበው ኢሲጂ ላይ ኤስቲ የሚባለው መስመር 1.5 ሚሊሜትር ዝቅ በማለቱ ውጤቱ «ፖዘቲቭ» ተባለ፤ ይሁን እንጂ በምርመራው ላይ ሕመም አልተሰማትም፣ የደም ግፊቷ አልወረደም፣ መስመሩም ስታርፍ ወዲያው ወደ ቦታው ተመልሷል። የልብ አልትራሳውንዷም ጤናማ ነው።

ሐኪሟ እንዳስረዱን፣ ውጤቱ የልብ ጡንቻ በድካም ጊዜ በቂ ደም እንደማያገኝ ይጠቁማል እንጂ የልብ ደም ሥር መጥበቡን በራሱ አያረጋግጥም፤ በተለይ በሴቶች ላይ ሥሩ ሳይጠብም እንዲህ ያለ ውጤት ሊመጣ ይችላል። አስፕሪንና ኮሌስትሮል የሚቀንሰውን ስታቲን አስጀምረው ሁለት አማራጭ ሰጡን፦ በክንድ ደም ሥር ቀለም ተሰጥቶ የሚነሳና የልብ ደም ሥሮችን የሚያሳይ ሲቲ አንጂዮግራፊ፣ ወይም በእጅ አንጓ በኩል ቀጭን ቱቦ የሚገባበት አንጂዮግራፊ። ሁለተኛው ጠባብ ቦታ ከተገኘ እዚያው የደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ስቴንት ለማስገባት ያስችላል፤ ነገር ግን አነስተኛም ቢሆን የደም መፍሰስና የደም ሥር ጉዳት ስጋት አለው። የኩላሊት ምርመራዋ ደህና ስለሆነ ቀለሙ አያሰጋም ተብለናል። የሚያስጨንቀኝ በሲቲው መጥበብ ከታየ ሁለተኛውም ላይቀርላት መቻሉ ነው።

ሕመሟ በጥረት ጊዜ ብቻ የሚመጣና ያልተባባሰ ከሆነ፣ በሲቲው መጀመር ይሻላል ወይስ በቀጥታ ወደ ቱቦው መሄድ?