የሰርግ የጋራ አልበም፦ ለእንግዳ ሁሉ ይከፈት ወይስ ለጥቂቶች?

የሙሽራዋ እህት፦ እህቴ በግንቦት ታገባለች። አዳራሹ ካዛንቺስ ነው፤ እንግዳው ወደ 350 ይደርሳል። በየጠረጴዛው ላይ የኪውአር ኮድ ያለበት ካርድ አስቀምጠን፣ እንግዳው ያነሳውን ፎቶ ሁሉ በጉግል ፎቶስ የጋራ አልበም ውስጥ እንዲጨምር አስበናል። አጎታችን ግን «ከካሜራማኑና ከሚዜዎቹ በቀር ማንም መጨመር የለበትም» ብለው ቆርጠዋል። እናንተ ብትሆኑ ለማን ትከፍታላችሁ?

ካሜራማን ከፒያሳ፦ አጎትሽ እውነታቸውን ነው። ለሁሉ የተከፈተ አልበም መጨረሻው ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። ኬኩ ሲቆረስ ያው አንድ ቅጽበት ከ40 ስልክ ይገባል፤ አብዛኛው የሚያሳየው ፊት የቆመውን ሰው ማጅራት ነው። ሙሽራዋ አፏን ከፍታ ስትጎርስ፣ አማቷ ሲያዛጉ፣ ሚዜው ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቶ ሲጨፍር፣ ሁሉም እዚያው ይከማቻል። እኔ ለሳምንታት ተቀምጬ ያረምኩት ፎቶ ከመድረሱ በፊት ያልታረመው አገር ያዳርሳል። Collaborate የሚለውን ማብሪያ አጥፊና ሦስት ሰው ብቻ ይጨምር። ያን ጊዜ አንድም ፎቶ ከቤተሰቡ እጅ አይወጣም።

ከቴአትር አካባቢ፦ ወንድሜ፣ ስጋትህ ይገባኛል፤ መፍትሔህ ግን ግማሹ ብቻ ነው የሚሠራው። በጉግል ፎቶስ Collaborate ለአልበሙ አባላት በሙሉ የሚበራና የሚጠፋ አንድ ማብሪያ ነው። ሲበራ አልበሙ ውስጥ የገባ ሁሉ ይጨምራል፤ ሲጠፋ ሚዜዎቹም አይጨምሩም። «ይህ ይጨምር፣ ያ ይመልከት ብቻ» ብሎ በሰው በሰው መለየት አይቻልም። ደግሞም ማብሪያው መጨመርን እንጂ ማየትን አይከለክልም። ሊንኩ ክፍት እስከሆነ ድረስ ያገኘው ሁሉ ያያል፤ ወደ ሌላ ሰውም ያስተላልፈዋል።

ስለዚህ ሦስት ሰው ብቻ እንዲጨምር የፈለገ ሁለት አልበም ይከፍታል። አንደኛው መሰብሰቢያ ነው፦ ሊንኩ ዝግ፣ አባላቱ በስም የተጋበዙ፣ Collaborate የበራ። ሁለተኛው ማሳያ ነው፦ የተመረጠው ብቻ የሚገባበት፣ ሊንኩ ክፍት፣ Collaborate የጠፋ። የክርክሩ ፍሬ እንግዲህ መሰብሰቢያው ለስንት ሰው ይከፈት የሚለው ነው። እኔ ለሁሉም ይከፈት ባይ ነኝ። ካሜራማኑ በመድረኩ ፊት ስለሚቆም የኋላውን ጠረጴዛ አያገኘውም፤ ከክፍለ ሀገር የመጡ አያት ከልጅ ልጃቸው ጋር ሲያወጉ የሚያነሳቸው አጠገባቸው የተቀመጠው ዘመድ ነው።

እትዬ ከአራት ኪሎ፦ ልጆቼ፣ አልበም ለሁሉ ሰው አይሰጥም! የእኔን የሰርግ አልበም በመልሱ ቀን ለእንግዳ አዙሬ ሁለት ገጽ ባዶ ሆኖ ተመለሰልኝ። ከፕላስቲኩ ውስጥ እየመዘዙ ወስደውታል። እስከ ዛሬ የወንድሜ ብቸኛው ፎቶ የማን ቤት እንዳለ አላውቅም። አልበሙን አንድ ሰው ይያዝ፤ እንግዳው ባለቤቱ ፊት ይመልከት።

ከቴአትር አካባቢ፦ እትዬ፣ ጥያቄው በስልክ ስለሚሠራው አልበም ነው። የነገሩን ግን እዚያም ይደርሳል፤ እንዲያውም ብዙ ሰው የማያውቀው ይህንኑ ነው። በጉግል የጋራ አልበም ውስጥ እንግዳ የጨመረው ፎቶ የእንግዳው ሆኖ ይቆያል፤ ቦታ የሚይዘውም በእሱ ማከማቻ ላይ ነው። እንግዳው ከአልበሙ ከወጣ ፎቶዎቹ አብረውት ይወጣሉ። ባለቤቱ ሰውየውን ቢያስወጣውም እንዲሁ ነው።

በአክስቴ ልጅ ሰርግ የሆነውን ልንገራችሁ። ሊንኩ በቤተሰቡ የቴሌግራም ቡድን ተለጥፎ በሁለተኛው ቀን ማንም የማያውቃቸው ሰዎች አልበሙ ውስጥ ታዩ። አንድ የሙሽራው ዘመድ ደግሞ ሙሽራዋ ስትለብስ በበሩ ስንጥቅ የተነሳ ፎቶ ጨመረ። እህቶቿ ተቆጡና ፎቶውን ብቻ ከአልበሙ ማውጣት ሲችሉ ሰውየውን አስወጡት። በማግስቱ የአልበሙ ቁጥር ከ140 በላይ ጎድሎ ተገኘ። ያ ሰው ጠዋት ሙሽራው ከቤት ሲወጣ አባትየው ሲመርቁት አጠገባቸው ቆሞ ያነሳ ብቸኛው ሰው ነበር፤ ካሜራማኑ በዚያ ሰዓት ሙሽራዋ ቤት ነው። ለምኑኝ ብሎ ጥቂት ቀን ከቆየ በኋላ ግማሹን በቴሌግራም ላከው።

መጥፎ ፎቶ ከገባ ባለቤቱ ፎቶውን ብቻ ከአልበሙ ማውጣት ይችላል። ሰው ከማስወጣትና ማብሪያ ከመነካካት በፊት ግን የሚፈለገው ሁሉ ወደ ባለቤቱ ማከማቻ መቀመጥ አለበት። የተቀመጠው ቅጂ የባለቤቱ ነው፤ ጨማሪው ቢያኮርፍም አይጠፋም።

ካሜራማን ከፒያሳ፦ ያ ሁሉ ወደ ባለቤቱ ማከማቻ ሲገባ በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ይበቃዋል? ከኢሜይሉ ጋር የሚጋሩት እኮ ነው።

ከቴአትር አካባቢ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። የስልክ ፎቶ አንዱ 3 ሜጋባይት ያህል ነው ብንል 2,000 ፎቶ 6 ጊጋባይት ይሆናል። የሚያጣብበው ቪዲዮ ነው፤ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ወደ 100 ሜጋባይት ይደርሳል፤ 50 እንግዳ የአንድ የአንድ ደቂቃ እስክስታ ቢጨምር 5 ጊጋባይት አለቀ። ስለዚህ ለሰርጉ ብቻ አዲስ የጉግል አካውንት ይከፈት፤ የአልበሙ ባለቤትም እሱ ይሁን። ሙሽሮቹም በጫጉላቸው «ማከማቻዎ ሞልቷል» የሚል መልእክት አይመጣባቸውም።

ሚዜ የነበርኩ፦ ለምን በአይፎን የጋራ አልበም አትሠሩትም? እዚያ Subscribers Can Post የሚል ማብሪያ አለ፤ ከማንም ማከማቻ ላይም አይቀነስም። እኛ ሚዜዎቹ በዚያ ተጠቅመን ምንም አልቸገረንም።

ከቴአትር አካባቢ፦ ለሚዜ ይበቃል፤ ለ350 እንግዳ አይበቃም። ተጋባዡ እስከ 100 ሰው ነው፤ አንድሮይድ የያዘው በድረ ገጽ ማየት እንጂ መጨመር አይችልም። ፎቶውም ረጅሙ ጎኑ ወደ 2048 ፒክስል ይወርዳል። ለስልክ ያምራል፤ ሳሎን ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ግን ይሳሳል።

የሕግ ባለሙያ፦ ስለ ማብሪያ ብቻ እያወራችሁ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። በሰርግ የተገኘ እንግዳ «ልታይ» ብሎ ፈቃዱን አልሰጠም። ስለዚህ ለሁሉ የተከፈተ አልበም ሕገ ወጥ ነው፤ አጎትየው ትክክል ናቸው።

ከቴአትር አካባቢ፦ አንቀጹን አውቀዋለሁ፤ በስም የተጋበዙ ዘመዶች የሚያዩት አልበም ግን «አደባባይ» ነው ለማለት ይከብደኛል።

የሕግ ባለሙያ፦ በስም ለተጋበዘው እስማማለሁ። በየጠረጴዛው የተቀመጠ፣ ማንም ወደ ማንም የሚልከው ሊንክ ግን የተለየ ነው። ቀጣዩ አንቀጽ በሕዝብ ፊት ከተፈጸመ ነገር ጋር ለተያያዘ ፎቶ ልዩ ሁኔታ እንደሚያስቀምጥም አውቃለሁ፤ የግል ሰርግ በዚያ ውስጥ ይገባል ብዬ ግን አልከራከርም። በተለይ የሰው ሕፃናት ፎቶ ላይ። እናትየው «ልጄን አውጡልኝ» ብትል የምትደውልለት ሰው በካርዱ ላይ ተጽፎ ይገኛል?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔ በስደት ስለሆንኩ የታናሽ ወንድሜን ሰርግ ያየሁት በስልክ ብቻ ነው። ቤተሰቡ «ሲታረም እንልካለን» ብሎ የካሜራማኑ ፎቶ ከሁለት ወር በኋላ መጣ። በዚያው ሌሊት ያስለቀሰኝ አንዲት የጎረቤት ልጅ የላከችው የደበዘዘ ቪዲዮ ነበር፤ እናቴ እልል ስትል ይሰማል። የሕጉንም የጥራቱንም ነገር እረዳለሁ፤ ግን ሁሉን ነገር ሦስት ሰው ይምረጥ ስትሉ ማን ማንን እንደሚቆርጥ አስቡ። የሙሽራው ወገን መራጭ ከሆነ የሙሽራዋ አክስቶች የትም አይታዩም።

ካሜራማን ከፒያሳ፦ ይህስ እውነት ነው፤ በዚህ የተጣላ ቤተሰብ አይቻለሁ። መራጭ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ይሁን። እኔም አንድ ነገር ልጨምር። እንግዶች ፎቶውን መጀመሪያ በቴሌግራም ተላልከው ከዚያ ወደ አልበሙ ይጨምሩታል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል መጠኑ ይቀንሳል፤ የተነሳበት ቀንና ሰዓትም ይጠፋል። አልበሙ በቀን ሲደረደር የጠዋቱ ምርቃት ከማታው ጭፈራ በኋላ ይመጣል። «በፋይል መልክ ይላክ» ብላችሁ ካርዱ ላይ ጻፉ። በፋይል የተላከ ግን የተነሳበትን ቦታም ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ በቤት ውስጥ ለሚደረገው መልስ ይህን አስቡበት።

የሙሽራዋ እህት፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለቱን አልበም እንለያለን፤ ባለቤቱ ለሰርጉ የሚከፈት አካውንት ይሆናል። የቀረኝ ጥያቄ መሰብሰቢያውን መቼ እዘጋለሁ የሚለው ነው። አጎቴ «ሰርጉ ባለቀበት ሌሊት» ይላሉ።

ከቴአትር አካባቢ፦ ሌሊቱን ከዘጋሽው አብዛኛውን ታጪዋለሽ። በአዳራሽ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ኔትወርክ ሲጠቀም ቪዲዮ አይላክም፤ ሰው ቤቱ ገብቶ ዋይፋይ ሲያገኝ ነው የሚጨምረው። ከመልሱ በኋላ አንድ ሳምንት ይቆይ። በየቀኑ አልበሙን በቅርብ በተጨመረ ቅደም ተከተል አስተካክለሽ አዲሱን ብቻ ተመልከቺ፤ ፎቶውን ከፍተሽ መረጃውን ብታዪ ማን እንደጨመረው ይነግርሻል። የሚቀመጠውን አስቀምጪ፤ የሚያሳፍረውን ፎቶ ከአልበሙ አውጪ፤ ሰውየውን ተዪው።

የሕግ ባለሙያ፦ እንግዶቹ በዚያ ሳምንት መሰብሰቢያው ውስጥ አንዱ የሌላውን ማየታቸው ግን አልቀረም።

ከቴአትር አካባቢ፦ አልቀረም። እሱን የሚፈራ ሰው የድሮፕቦክስን የፋይል መቀበያ ይጠቀማል፤ ላኪው አካውንት አያስፈልገውም፣ ሌላው የላከውንም አያይም። የነጻው አካውንት ቦታ ግን 2 ጊጋባይት ነው። ደግሞ የራሱን ብቻ ልኮ የሌላውን የማያይ እንግዳ ሁለተኛ ጊዜ አይልክም የሚል ጥርጣሬ አለኝ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔ አልልክም ነበር።

እትዬ ከአራት ኪሎ፦ ካለቀ በኋላ ግን ለእናትየው አታሚ ቤት ወስዳችሁ በወረቀት አሳትሙላቸው። ስልኩን ማን ይከፍትላቸዋል?