የአታችመንት ሪፍሌክሽን፦ ለትምህርት ክፍላችን የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ (ረቂቅ)

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ደብረ ማርቆስ
ሰላም ለሁላችሁ። ሐሳባችን እስከ ዓርብ መግባት አለበት። መነሻው አጭር ነው። ከአታችመንት፣ ማለትም ከሆስፒታል ልምምዳችን በኋላ ስለ ራሳችን ሥራ የምንጽፈው ሪፍሌክሽን በጊብስ ዑደት ይሠራ፤ ወደ ሆስፒታል ከመውጣታችን በፊትም የግማሽ ቀን ልምምድ ይሰጠን። ግርሃም ጊብስ ይህን ዑደት ያወጣው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። ምን ሆነ? ምን ተሰማኝ? ምኑ ጥሩ፣ ምኑ መጥፎ ነበር? ለምን እንደዚያ ሆነ? ሌላ ምን ማድረግ እችል ነበር? በሚቀጥለው ምን አደርጋለሁ? ስድስቱን ጥያቄዎች ሁላችንም በቃላችን እናውቃቸዋለን። ጽሑፋችን ግን እየተመለሰ ነው። ለምን ይመስላችኋል?

ከቡሬ
የታካሚውን ታሪክ ስለምናሳጥር ይመስለኛል። የመጣበትን ምክንያት፣ የላብ ውጤቱን፣ የወሰደውን መድኃኒት በሙሉ ብናስገባ ጥሩ ነው።

ሲስተር፣ ፍኖተ ሰላም
ወንድሜ፣ አንተ የምትለው የኬዝ ሪፖርት ነው። እዚያ የሚጠናው ታካሚው ነው። ሪፍሌክሽን ላይ የምትጠናው አንተ ነህ።

ከሞጣ
እኔ ደግሞ «ምን ተሰማኝ» የሚለው ይቅር እላለሁ። ትምህርታዊ ጽሑፍ ነው። ለቅሶ አይደለም። ትንተናው ላይ ብናተኩር ይሻላል።

ከደጀን
የራሴን ላምጣና እዩት። የሕፃናት ዋርድ ነበርኩ፤ ልጁ 18 ወሩ ነው፤ ያስለዋል። ቻርቱ ላይ ትንፋሽ 28 ብዬ ጻፍኩ። አልቆጠርኩም። ከበፊቱ ተረኛ ቁጥር ገለበጥኩት። ትንሽ ቆይታ ነርሷ ሙሉ ደቂቃ ስትቆጥር 54 ሆነ። ሪፍሌክሽኔ ሦስት ገጽ ነበር፤ ሁለቱ ገጽ ተኩል የሆነውን መተረክ ነው። መጨረሻው «ዋርዱ ሥራ ይበዛበታል፤ ለወደፊቱ ጠንክሬ እሠራለሁ» ይላል። ተመለሰልኝ።

ሲስተር፣ ፍኖተ ሰላም
እህቴ፣ ይህን ደፍረሽ ስላመጣሽው አመሰግናለሁ። በዚሁ እንሥራው። ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ በደቂቃ 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ትንፋሽ ነው። ስለዚህ በ28 እና በ54 መካከል ያለው ልዩነት የሳንባ ምችን ሳያዩ ማለፍና በጊዜ ማግኘት ነው። «ምኑ መጥፎ ነበር» የሚለው በዚህ አለቀ፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ከባዱ «ለምን» ነው። «ሥራ በዝቶ» ሁሉም ተማሪ የሚጽፈው ነው። እስቲ እዚያው ሰዓት ላይ ተመለሺ። ልጁ ምን ያደርግ ነበር?

ከደጀን
ያለቅስ ነበር። የሚያለቅስ ልጅ ትንፋሽ እንደማይቆጠር አውቃለሁ። እስኪረጋጋ መጠበቅ ነበረብኝ። ግን ነርሷ ቻርቱን እየጠበቀች ነው። «ገና አልቆጠርኩም» ማለት አፈርኩ።

ሲስተር፣ ፍኖተ ሰላም
አየሽ? ምክንያቱ ኀፍረቱ ነው። የሞጣው ወንድማችን፣ ስሜቱን ብናወጣው ትንተናው «ሥራ በዝቶ» ላይ ቆሞ ይቀር ነበር።

ከሞጣ
ገባኝ። ግን አንድ ነገር ልጨምር። በእንግሊዝኛ ስጽፍ የሚመጣልኝ «አዘንኩ» ብቻ ነው። ማፈርና መደንገጥ ይለያያሉ፤ «ሆዴ ባባ» ደግሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ በአማርኛ ቢሆን?

የማኅበሩ ጸሐፊ
ይህን አስገብቻለሁ። ደጀን፣ የመጨረሻውን ደረጃ እንደገና ጻፊልን እስቲ።

ከደጀን
ሞከርኩት፦ «ልጁ ካለቀሰ እናቱ አቅፋ እስክታረጋጋው እጠብቃለሁ። ደረቱን ገልጬ በሰዓት ሙሉ 60 ሰከንድ እቆጥራለሁ። ካልቆጠርኩ ቦታውን ባዶ ትቼ ለተረኛዋ ነርስ እነግራታለሁ። በሚቀጥለው አታችመንት የመጀመሪያ ሳምንት አምስት ልጆች ስቆጥር ዋርዱ ላይ የምታሠለጥነኝ ፕሪሴፕተሬ ጎን ለጎን ቆጥራ እንድታመሳክርልኝ እጠይቃለሁ።»

ሲስተር፣ ፍኖተ ሰላም
ይህ መደረጉን ሰው ሊያረጋግጠው ይችላል። «ጠንክሬ እሠራለሁ»ን ግን ማንም ሊያረጋግጠው አይችልም።

ከቢቸና
ምስጢር መጠበቁ እንዳይረሳ። «ስሙን አልጻፍኩም» አይበቃም። የእኛ ከተሞች ትንንሽ ናቸው። «የእንዲህ ቀበሌ ቄስ ልጅ» ብትሉ ገበያው ሁሉ ያውቀዋል። ቀበሌ፣ የአልጋ ቁጥር፣ ትክክለኛ ቀን፣ የወላጅ ሥራ ይውጣ። የነርሷም ስም።

ከቡሬ
ይቅርታ፣ ቅድም ጥያቄውን ተሳስቼ ነው። አሁን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ስህተቴን በእጄ ጽፌ ሰጥቼ ነጥብ ቢቀነስብኝስ? ሰው የሚዋሸው እኮ ለዚህ ነው።

ሲስተር፣ ፍኖተ ሰላም
እውነት ነው። ነጥቡ ለትንተናው እንጂ ለስህተቱ መሆን የለበትም። ግን ታካሚን የሚነካ ስህተት መጀመሪያ የሚሰማው በሪፍሌክሽን መሆን የለበትም። ያኔውኑ ለተረኛ ነርስ ወይም ሐኪም ይነገራል።

ከሞጣ
ከነጭራሹ ነጥብ ባይኖረው፣ «አልፏል» ወይም «አላለፈም» ብቻ ቢሆን እመርጣለሁ።

ከቢቸና
ነጥብ ከሌለው ማንም በቁም ነገር አይጽፈውም። እኔ አልስማማም።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ነጥቡ ላይ ሁለቱንም አማራጭ አስቀምጣለሁ፤ ሐሙስ ማታ ድምፅ እንሰጣለን። የቀረው እንዲህ ይነበባል፦

«ጽሑፉ 1500 ቃል ከሆነ የሆነው ነገር ከ250 አይበልጥ፤ ትንተናው ቢያንስ 500 ይሁን። የመጀመሪያ ረቂቅ በአማርኛ መጻፍ ይፈቀድ። ታካሚን የሚያሳውቅ ነገር ሁሉ ይውጣ። የመጨረሻው ደረጃ ምን፣ መቼ፣ በማን ፊት እንደሚደረግ ይናገር። በግማሽ ቀኑ ልምምድ ላይ አንድ እውነተኛ ጽሑፍ በጋራ ይታረም።»

ደጀን፣ ለልምምዱ ያንቺን ከነመጀመሪያው ረቂቅ ብንጠቀምበት ትፈቅጃለሽ?

ከደጀን
እፈቅዳለሁ። የልጁን ዕድሜና ዋርዱን ግን እቀይራቸዋለሁ።

ሲስተር፣ ፍኖተ ሰላም
ዋርዱን ቀይሪ። ዕድሜው ግን ከ12 ወር በታች እንዳይሆን፤ ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን ወሰኑ 50 ነውና 40 ያልነው አይሠራም።