300 ካርቶን ጫማ ባለ 20 ፊት ኮንቴነር ውስጥ ይገባል ወይ?

ጠያቂ (አዲስ አስመጪ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጫማ ልጭን ነው፣ 300 ካርቶን። የአንዱ ካርቶን ልክ 60 በ40 በ45 ሴንቲሜትር ነው፣ ክብደቱ 14 ኪሎ። ባለ 20 ፊት ኮንቴነር 33 ሜትር ኩብ ይይዛል ሲሉ ሰማሁ። የኔ ጭነት ሲደመር 32.4 ይመጣል። ይገባል ማለት ነው? ወይስ ባለ 40 ልከራይ? ከመክፈሌ በፊት እርግጠኛ መሆን እፈልጋለሁ።

ሂሳብ ወዳዱ

እህቴ፣ ይገባል። አንዱ ካርቶን 0.108 ሜትር ኩብ ነው። 33.2ን ለዚያ ስታካፍይው 307 ይወጣል። እንደውም 7 ካርቶን ትርፍ ቦታ አለሽ። ክብደቱም 4,200 ኪሎ ብቻ ስለሆነ አያሳስብም። ባለ 40 መከራየት ገንዘብ ማባከን ነው።

የጭነት ሱፐርቫይዘር

ወንድሜ ስለ ክብደቱ ልክ ነህ። ስለ ቦታው ግን ልክ አይደለህም፣ እህታችን በዚህ ሂሳብ ከከፈለች የመጫኛው ቀን 50 ካርቶን ያህል መሬት ላይ ይቀርባታል። እንዲህ ያለ ጭነት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ላብራራው።

መጀመሪያ የውጪውንና የውስጡን ልክ እንለይ። ባለ 20 ፊት ኮንቴነር ከውጪ 6.06 ሜትር ርዝመት፣ 2.44 ወርድ፣ 2.59 ቁመት አለው። ይህ ለመኪናና ለመርከብ የሚጠቅም ልክ ነው፣ ለአንቺ ምንም አይሰራልሽም። የውስጡ ርዝመት 5.90 ገደማ፣ ወርዱ 2.35፣ ቁመቱ 2.39 ነው። ቁመቱ ላይ 20 ሴንቲሜትር የጠፋው ከወለሉ ሳንቃ በታች ወፍራም የብረት ተሸካሚዎች ስላሉ ነው። ከጎን ደግሞ ግድግዳው የታጠፈ ቆርቆሮ ነው፣ እጥፋቱ ቦታ ይበላል።

እነዚህ ቁጥሮች ከአምራች አምራች በጥቂት ሚሊሜትር ይለያያሉ። ስለዚህ እቅድሽ መጨረሻዋን ሴንቲሜትር የሚጠቀም ከሆነ አትመኚው።

አሁን ወደ ካርቶኑ። ካርቶን ውሃ አይደለም፣ ጥጉ ውስጥ አይፈስም። ከቁመቱ እንጀምር። 2.39ን ለ45 ሴንቲሜትር ብናካፍል 5 ደርብ ይሆናል፣ 14 ሴንቲሜትር ባዶ ይቀራል። እዚያ ላይ ምንም አይገባም። ከጣሪያው ስር ያለው ይህ ባዶ ብቻ ወደ 2 ሜትር ኩብ ይሆናል።

ወለሉ ላይ ደግሞ ሁሉንም በአንድ አቅጣጫ ብትደረድሪ፣ ማለት 60ውን ወደ ርዝመቱ፣ 40ውን ወደ ወርዱ፣ 9 በ5 ነው፣ 45 ካርቶን። በ5 ደርብ 225 ብቻ። ጥሩ ጫኝ ግን አቅጣጫ ይቀላቅላል። 3 ረድፍ ላይ 60ው ወደ ወርዱ ይዞር፣ በርዝመቱ 14፣ 14 ይደረደራል። 4ኛው ረድፍ 40ው ወደ ወርዱ ሆኖ በርዝመቱ 9 ይይዛል። ወርዱ 60፣ 60፣ 60፣ 40 ሲደመር 2.20 ሜትር ነው፣ ይገባል። በአንድ ደርብ 51 ይሆናል፣ በ5 ደርብ 255። ይህ 27.5 ሜትር ኩብ ነው። ባለ 20 ላይ ካርቶን ስንጭን ከ25 እስከ 28 የምንለው ለዚህ ነው። 33 በወረቀት ላይ ነው።

ጠያቂ (አዲስ አስመጪ)

እግዜር ይስጥልኝ። በጣም ገባኝ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ካርቶኑ 45 የሚለው ባዶውን ነው ወይስ ሞልቶ? እኔ የያዝኩት ፋብሪካው የላከልኝን ወረቀት ነው።

የጭነት ሱፐርቫይዘር

በጣም ጥሩ ጥያቄ። አብዛኛውን ጊዜ ሳጥኑ ሲሰራ ያለው ልክ ነው። ሲሞላ ሆዱ ይነፋል፣ ክዳኑም ላይ ቴፕ ሲለጠፍ ጥቂት ከፍ ይላል። ፋብሪካው የተሞላና የታሸገ 10 ካርቶን በአንድ ላይ ደርድሮ እንዲለካልሽ ጠይቂ። አንድ ካርቶን ብቻ ከለካ ስህተቱ አይታይም፣ 10 ሲደረደር ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሰድር አስመጪ

እኔ ልምዴን ልንገራችሁ። ባለ 20 ውስጥ የወለል ሰድር ስጭን ግማሹ እንኳ ሳይሞላ ክብደቱ አለቀ ተባልኩ። ከጣሪያው እስከ ሰድሩ ድረስ ሰው ቆሞ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ሜትር ኩብ አትቁጠሩ፣ ኪሎ ነው ወሳኙ። ባለ 40 ብትወስጂ ሁለት እጥፍ ትጭኛለሽ የሚሉሽን አትስሚ።

የጭነት ሱፐርቫይዘር

የአንተ ጉዳይ እውነት ነው፣ ግን ሌላ ዓይነት እቃ ነው። ሰድር ከባድ ነው፣ ጫማ ቀላል ነው። የሷ 255 ካርቶን 3,570 ኪሎ ነው። ባለ 20 ኮንቴነር ራሱ ወደ 2,200 ኪሎ ይመዝናል፣ እቃ ተጭኖበት ብዙዎቹ እስከ 30,480 ኪሎ ይፈቀድላቸዋል። መኪናውና መንገዱ ከዚያ በታች ሊያስቆሙት ቢችሉም ለጫማ የሚደርስ አይደለም።

የመጨረሻው አባባልህ ግን በጣም ትክክል ነው። ባለ 40 የውስጡ ቦታ ከባለ 20 ሁለት እጥፍ ይበልጣል፣ 67 ሜትር ኩብ ገደማ። የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ግን ብዙ ጊዜ ያው 30,480 ነው፣ ባዶውም ወደ 3,700 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ የሚጭነው ኪሎ ከባለ 20ው ትንሽ ያንሳል እንጂ አይበልጥም። ከባድ እቃ ያለው ሰው ባለ 40 ሲከራይ የሚገዛው ባዶ አየር ነው። ትክክለኛውን ቁጥር ለማወቅ በሩ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው፣ እያንዳንዱ ኮንቴነር የራሱ አለው።

የመጋዘን ልጅ

ለምን በፓሌት አትጭንም? በፎርክሊፍት 1 ሰዓት አይፈጅም፣ እቃውም አይጎዳም። እኛ ሁሌ እንደዚያ ነው የምናደርገው።

የጭነት ሱፐርቫይዘር

ለፍጥነት ልክ ነህ። ለመጠን ግን ፓሌት ይጎዳታል። 1.2 በ1 ሜትር ፓሌት ባለ 20 ውስጥ 10 ይገባል። በአንድ ፓሌት ላይ ከሷ ካርቶን በደርብ 5 ይቆማል። ፓሌቱ ራሱ 15 ሴንቲሜትር ያህል ከፍታ አለው። 5 ደርብ ብታስቀምጥ 2.40 ሜትር ይሆናል፣ ከጣሪያውም ከበሩም ይበልጣል። ስለዚህ 4 ደርብ ብቻ፣ 200 ካርቶን። ለፓሌቱ ብለሽ 55 ካርቶን ትተዪያለሽ ማለት ነው።

በሩን ካነሳን አይቀር፣ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱ ነው። የውስጡ ቁመት 2.39 ቢሆንም የበሩ ክፍተት 2.28 ገደማ ነው፣ ከላይ ወፍራም ብረት ስላለ። በእጅ ስትጭኚ ከውስጥ ጀምረሽ ስለምትወጪ አብዛኛው ላይ ችግር አይፈጥርም። ካርቶኑ ሲሞላ 46 ተኩል ከሆነ ግን 5 ደርብ 2.32 ይደርሳል። ያኔ በሩ አጠገብ ያለው የመጨረሻው ረድፍ 5ኛው ካርቶን ብረቱ ስር ቀጥ ብሎ አያልፍም። ጫኞች በግድ እየገፉ ካርቶን የሚቀድዱት እዚያ ነው። ስለዚህ እዚያ ላይ 4 ደርብ አድርጊና በጠቅላላው 250 ብለሽ ያዢ። ቀሪው 50 ካርቶን 5.4 ሜትር ኩብ ነው፣ ከሌሎች ጋር በጋራ ኮንቴነር ሊላክ ይችላል።

ሂሳብ ወዳዱ

ተሳስቼ ነበር፣ አመሰግናለሁ። ከፍ ያለው ባለ 40ስ? 30 ሴንቲሜትር ጭማሪ አለው፣ 6ኛ ደርብ ያስገባላታል።

የጭነት ሱፐርቫይዘር

እሱን ሳሰላው ገርሞኛል። የከፍተኛው ባለ 40 የውስጥ ቁመት 2.698 ሜትር ነው። 6 ደርብ በ45 ሴንቲሜትር 2.70 ይሆናል። 2 ሚሊሜትር ብቻ ቀረው፣ ካርቶኑ ሲነፋ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ስለዚህ ለሷ ካርቶን ከፍተኛውም ተራውም ባለ 40 ያው 5 ደርብ ነው። ተራው ላይ ከ540 እስከ 550 ይገባል። ለ300 ካርቶን ግማሽ ባዶ ይሄዳል።

ጠያቂ (አዲስ አስመጪ)

ሌላ ሀሳብ መጣብኝ። አንድ ካርቶን ናሙና እኔ ጋ አለ፣ ከፈትኩት። የጫማ ሳጥኖቹ 3 ደርብ ናቸው፣ ከላያቸው 6 ሴንቲሜትር ያህል ባዶ አለ፣ ወረቀት ተጠቅጥቆበታል። ካርቶኑን ወደ 39 ዝቅ ቢያደርጉልኝ 6 ደርብ አይሆንም? 51 ሲባዛ በ6 306 ይመጣል።

የጭነት ሱፐርቫይዘር

ብራቮ፣ ትክክለኛው ጥያቄ ይሄ ነው። ቁጥሩ ይሰራል፣ 6 በ39 ሴንቲሜትር 2.34 ነው፣ ውስጡ 2.39። ትርፉ ግን 5 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። እያንዳንዱ ካርቶን 1 ሴንቲሜትር ቢነፋ 2.40 ሆነ፣ 6ኛው ደርብ ቀረ። በግማሽ ሴንቲሜትር ብቻ ከነፋ 2.37 ላይ ይቆማል። በሩ ስር ያለው ረድፍ ደግሞ ያው ይቸግራል፣ ስለዚህ 306 ሳይሆን 300ን እንኳ በእርግጠኝነት አልልሽም።

ሰድር አስመጪ

6 ደርብ ከሆነ የታችኛው ካርቶን ይችላል ወይ? 5 ካርቶን ላዩ ላይ ነው፣ 70 ኪሎ። ወረቀቱን አውጥታ ሳጥኖቹ ከክዳኑ ጋር ሲገናኙ ጫማው ራሱ ይሸከማል እንጂ ካርቶኑ ብቻ አይደለም። እኔ ግን በእርጥብ ወቅት አልሞክረውም፣ ካርቶን እርጥበት ሲጠጣ ጉልበቱ ይደክማል።

የመጋዘን ልጅ

የጫማ ሳጥኑ ከተጨፈለቀ ደግሞ ሱቅ ላይ ዋጋው ይወርዳል። እኔ 5 ደርቡን እመርጣለሁ።

ጠያቂ (አዲስ አስመጪ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፋብሪካው በአዲሱ ልክ 6 ካርቶን ሞልቶ፣ አሽጎ፣ ደርድሮ ለ2 ቀን እንዲያስቀምጥልኝ ጠይቄያለሁ። ከዚያ ከፍታውን ይለካሉ፣ የታችኛውንም ፎቶ ይልኩልኛል። ከ2.37 ካለፈ 250ውን ጭኜ ቀሪውን በጋራ እልካለሁ። ውጤቱን እዚሁ እጽፋለሁ።