ሌሊት ጣቶቼ እየደነዘዙ ያነቁኛል፤ የትኛውን ድጋፍ ልሰር?

ሹሩባ ሠሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፀጉር ቤት ውስጥ ሹሩባ እሠራለሁ፤ 11 ዓመት ሆነኝ። ከሁለት ወር ወዲህ ቀኝ እጄ ሌሊት እየደነዘዘ ያነቃኛል። አብዛኛውን ጊዜ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። አውራ ጣቴ፣ ሌባ ጣቴና መሃል ጣቴ የኔ አይመስሉኝም። ተነስቼ ሳራግፈው ይለቀኛል፤ ከዚያ ደግሞ ይመለሳል። ቀን ግን ደህና ነኝ። አንዲት ደንበኛዬ «ካርፓል ተነል ነው፣ ድጋፍ እሰሪ» አለችኝ። ለምንድነው ሌሊት ብቻ የሚሆነው? የትኛው ድጋፍ ይሻላል? እንቅስቃሴስ ይረዳል?

የሰፈር አባት፦
ልጄ፣ ይሄ የብርድ ነገር ነው። እጅሽን ሸፍነሽ ተኚ። ባለቤቴም እንዲሁ ስትሆን የቢ ቪታሚን መርፌ ተወግታ ተሻላት። ስኳርሽንም አስመርመሪ፤ ስኳር እጅ እግር ያደነዝዛል።

ፊዚዮዋ፦
አባቴ፣ እኔ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ የስኳሩን ምክር እደግፋለሁ። ስኳርና የእንቅርት ዕጢ ችግር ያለባቸው ሰዎች ላይ ይሄ ነገር ይበዛል፣ ሁለቱንም መመርመር ጥሩ ነው። የቪታሚን እጥረት ግን ሲያደነዝዝ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም እግር ጭምር ይይዛል። ሦስት ጣት ብቻ መርጦ ሌሊት አይቀሰቅስም።

እህቴ፣ እጅሽን ስታራግፊው መልቀቁ ራሱ ብዙ ይናገራል። መዳፍሽ ከክንድሽ ጋር የሚገናኝበት ቦታ፣ አንጓሽ ላይ፣ ካርፓል ተነል የሚባል ጠባብ መተላለፊያ አለ። ከሥሩ አጥንት ነው፣ ከላይ ጠንካራ ሽፋን ከድኖታል። በዚያች ቦታ ጣት የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና አንድ ነርቭ ተጣበው ያልፋሉ። ሲጣበብ ቀድሞ የሚጎዳው ነርቩ ነው። ስንተኛ ብዙዎቻችን እጃችንን አጥፈን አገጫችን ወይም ትራሳችን ሥር እንከተዋለን። አንጓው ሲታጠፍ ውስጡ ግፊቱ ይጨምራል፤ ወደ ነርቩ የሚሄደው ደም ያንሳል፤ ጣቱም ይደነዝዛል። ቀን ቢታጠፍም ቶሎ ታንቀሳቅሺዋለሽ። ሌሊት ግን እንደታጠፈ ይቆያል። ስንጋደም ደግሞ ቀን ወደ እግር የወረደው ፈሳሽ ወደ ላይ ስለሚመለስ መጣበቡን ያባብሰዋል።

ሁለት ነገር ንገሪኝ። ትንሿ ጣትሽ ትደነዝዛለች? የሁለቱን እጆችሽን ጀርባ አገናኝተሽ፣ ጣቶችሽን ወደታች አድርገሽ አንድ ደቂቃ ብትቆዪስ ምን ይሆናል?

ሹሩባ ሠሪዋ፦
ትንሿ ጣቴ ደህና ናት። አሁን ሞከርኩት፤ ግማሽ ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ ሌባ ጣቴ ጀመረው!

የሚኒባስ ሹፌር፦
እኔም አለብኝ፤ ድጋፉን ገዝቼ አስሬ ተኛሁ፤ ምንም አልፈየደልኝም። የሚደነዝዘኝ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ነው፣ በተለይ ክንዴን መስኮት ላይ ሳስደግፍ። ገንዘብሽን አታባክኚ እላለሁ።

ፊዚዮዋ፦
ወንድሜ፣ ያንተ ሌላ ነርቭ ነው። እሱ የሚያልፈው በክርንህ በኩል ስለሆነ አንጓህን ብታስር አይሰማውም። ክርንህን መስኮት ላይ ማስደገፉን ተውና ሌሊት ክርንህን በጣም አጥፈህ አትተኛ። በሦስትና አራት ሳምንት ካልተሻለህ ታይ።

ወደ ድጋፉ ልመለስ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒት ቤት የሚሸጡት አብዛኞቹ በመዳፍ በኩል ብረት አላቸው፤ ብረቱ ደግሞ እጅን ወደ ኋላ ቀና አድርጎ እንዲይዝ ተጣምሞ ይመጣል። ያ ለወለምታ ሊጠቅም ይችላል፣ ለአንቺ ግን አይሆንም፤ ወደ ኋላ መቀናትም ግፊት ይጨምራል። አንቺ የምትፈልጊው ቀጥ ያለ ነው። ብረቱን ከኪሱ አውጪና ጠረጴዛ ላይ አስደግፈሽ በእጅሽ አቅኚው። መልሰሽ ስታስሪው የእጅሽ ጀርባና ክንድሽ አንድ መስመር መሆን አለባቸው። ጣቶችሽ በነፃነት ጭብጥ መሥራት ካልቻሉ ድጋፉ ረዝሞብሻል ማለት ነው። ማሰሪያውም አይጥበቅ፤ አንድ ጣት በሥሩ ማለፍ አለበት። ጠብቆ የሚያድር ድጋፍ ራሱ ያደነዝዛል።

መግዛት ካልቻልሽ ወፍራም ካርቶን ደራርበሽ፣ ከክንድሽ አጋማሽ እስከ መዳፍሽ መሃል በመዳፍ በኩል አድርጊና በፋሻ ጠምጥሚው። አያምርም፣ ግን ሥራውን ይሠራል። በየሌሊቱ ቢያንስ 6 ሳምንት እሰሪው። ሁለት ቀን ሞክረው የሚተዉትን ሳይ በጣም አዝናለሁ።

የሰባት ወር ነፍሰ ጡር፦
እኔም ሁለቱም እጆቼ እንዲሁ ናቸው። ማሰር ለኔ ችግር አለው?

ፊዚዮዋ፦
ምንም ችግር የለውም፣ እሰሪ እናቴ። በእርግዝና ጊዜ ሰውነት ውኃ ስለሚይዝ ይመጣል፤ ብዙዎቹን ከወለዱ በኋላ ይለቃቸዋል። ለሐኪምሽ ግን ንገሪያት፤ ፊትሽና እጅሽ ድንገት ካበጠ፣ ራስሽን ካመመሽ ወይም ዓይንሽ ብዥ ካለ ቀጠሮ አትጠብቂ።

በኮምፒውተር የምውል፦
እኔ ቀኑንም ሙሉ ነበር የማስረው፣ ቶሎ የተሻለኝ ለዚያ ይመስለኛል። እንቅስቃሴ ደግሞ ዋናው ነው ይላሉ።

ፊዚዮዋ፦
በቀኑ ጉዳይ ባለሙያዎችም አይስማሙም። ለእሷ ግን ሹሩባ እየሠራች ማሰር አይመቻትም፤ ከድጋፉ ጋር እየታገለች ክንዷንና ትከሻዋን ታደክማለች። እንቅስቃሴውም ከድጋፉ ጋር ቢሆን ይረዳል እንጂ ብቻውን ብዙ አልጠብቅበትም።

እኔ የማሠራው እንዲህ ነው። ጣቶችሽን ቀጥ አድርጊ። ከዚያ መዳፍሽ ሳይታጠፍ የጣትሽን ጫፎች ብቻ እንደ መንጠቆ እጠፊ። መልሰሽ ቀጥ አድርጊ፤ ቀጥሎ ሙሉ ጭብጥ፤ መልሰሽ ቀጥ። መጨረሻ ላይ ጣቶችሽን ሳታጣምሚ ከሥራቸው ብቻ አጥፈሽ እንደ ጣሪያ አድርጊ። እያንዳንዱ ላይ ጥቂት ሰከንድ ቆዪ። ይሄን 5 ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ጅማቶቹ እዚያች መተላለፊያ ውስጥ እንዲንሸራተቱ ነው። ማደንዘዝ ከጀመረ አቁሚ፤ ሰው «እስኪያመኝ ልሥራ» ሲል ነው የሚብስበት። የላስቲክ ኳስ መጭመቅ ደግሞ ለጊዜው ይቅርብሽ።

ሹሩባ ሠሪዋ (ከ7 ሳምንት በኋላ)፦
ልንገራችሁ። የገዛሁት ድጋፍ ብረቱ በደንብ የተጣመመ ነበር። መጀመሪያ ሳላቀናው አራት ሌሊት አደርኩበት፣ ባሰብኝ። ካቀናሁት በኋላ በሦስተኛው ሳምንት እስከ ንጋት መተኛት ጀመርኩ። ድሮ በአንድ ሌሊት ሦስት አራቴ እነሳ ነበር፤ አሁን በሳምንት አንዴ ብነሳ ነው። ስኳሬም ደህና ነው። ግን ረዥም ሹሩባ ሠርቼ ስጨርስ የሌባ ጣቴ ጫፍ እንደደነዘዘ ይቆያል። ትናንት ማበጠሪያ ከእጄ ወደቀ።

ፊዚዮዋ፦
በሌሊቱ ደስ ብሎኛል፤ የማበጠሪያው ግን ያሳስበኛል። ሁለቱን መዳፎችሽን ጎን ለጎን አድርጊና አውራ ጣት ሥር ያለውን ሙላት እዪ። የቀኙ ጎድጉዶ ከሆነ ነርቩ ጡንቻውን ማዘዝ እያቃተው ነው፤ ያን ጊዜ በድጋፍ መጠበቅ የለም። ካልጎደጎደም የነርቭ ምርመራ ይታዘዝልሽ። እንደ ውጤቱ መርፌ ወይም ሽፋኑን የሚከፍት ትንሽ ቀዶ ሕክምና ሊባል ይችላል።

በኮምፒውተር የምውል፦
እኔ ቀዶ ሕክምናውን ፈርቼ ነው የተውኩት። የሠራ ሰው ካለ ይንገረን።

ሹሩባ ሠሪዋ፦
አየሁት፤ የቀኙ ትንሽ ያነሰ መሰለኝ፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ማክሰኞ ፀጉር ቤቱ ዝግ ነው፣ ያን ቀን ሐኪም ጋ እሄዳለሁ። እስከዚያ ሌሊት ማሰሩን አልተውም።