«ክብ ላይ» ሲባል ጠርዙ ነው ወይስ ውስጡ?

ሰብለ_ማስታወሻ፦ እንደምን ዋላችሁ። ለታናሽ ወንድሜ የሊኒየር አልጀብራ ማስታወሻ ወደ አማርኛ እየመለስኩለት አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተገትሬያለሁ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የዩኒታሪና የኦርቶጎናል ማትሪክሶች አይገንቫሊዩዎች ሁሉ ሬዲየሱ 1 በሆነው ክብ ላይ ይገኛሉ።» ልጁ አነበበና «ውስጡ ነው ጠርዙ?» አለኝ። እኔ ጠርዙን ማለቴ ነበር። ግን እንጀራ ምጣድ ላይ ነው ስንል መሃሉም ላይ ነው። ደግሞስ ግሱ? ይገኛሉ፣ ያርፋሉ፣ ይውላሉ፤ የቱ ይጥማል?

ዘዋሸራ፦ እህቴ፣ «ክብ» ቅጽል ነው። ክብ ዳቦ፣ ክብ ጠረጴዛ ትያለሽ። ስም ካስፈለገሽ «ዓውድ» አለልሽ። ዖደ ማለት ዞረ ነው። ዓውደ ዓመት ዞሮ የሚመጣ ቀን ነው። የሚዞር ነገር ደግሞ ዙሪያውን እንጂ መሃሉን አይዞርም። አለቀ።

ቀለም_አይበቃኝ፦ አላለቀም። ዓውደ ምሕረት ላይ የሚሰብከው መምህር አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነው እንዴ? አውድማስ? እህሉ የሚወቃው መሃሉ ላይ ነው። ዓውድህ ከክብም ባሰ።

ዘዋሸራ፦ አውድማን ከዓውድ ጋር ያቆራኘህ ማን ነው? ቅኔ የት ነው የቆጠርከው?

ቀለም_አይበቃኝ፦ ሰፈር ውስጥ።

ጉዳዩ_ምንድነው፦ ይቅርታ፣ ዘግይቼ ገባሁ። የማትሪክ ውጤት ወጣ እንዴ?

ቀለም_አይበቃኝ፦ ማትሪክስ ነው ወንድሜ፣ ማትሪክ አይደለም። ባይሆን ዩኒታሪን «አሐዳዊ» ብለን እንተርጉመውና ፖለቲከኞቹ ይምጡልን።

ኢንጂነር_ነኝ፦ የምን ክብ ነው የምታወሩት? ኦርቶጎናል ከሆነ መልሱ 1 ወይ −1 ነው፣ ሌላ የለም። ኦርቶጎናል ማለት AᵀA = I ነው። Av = λv ይሁን፤ λ አይገንቫሊዩው ነው፣ v ደግሞ A አባዝቶት λ እጥፍ ብቻ የሚያደርገው ቬክተር። ሁለቱንም ጎን በራሱ ትራንስፖዝ አባዙት። በአንድ በኩል vᵀAᵀAv ስለሚሆን vᵀv ይቀራል። በሌላ በኩል λ²vᵀv ይመጣል። vᵀv ይሰረዛል፣ λ² = 1። ሁለት ነጥብ ለመጥቀስ ክብ አያስፈልግም፣ «ሁለት ነጥብ» በይ።

ጠመኔ፦ ኢንጂነር፣ ሐሳብህ ግማሹ ልክ ነው። λ ራሱ ሪል ቁጥር ከሆነ 1 ወይ −1 ብቻ ነው። ግን ነገሮችን ወደ ግራ 90 ዲግሪ የሚያዞረውን ማትሪክስ ውሰድ፦

```
A = [ 0  -1 ]
    [ 1   0 ]
```

ኦርቶጎናል ነው፣ አባዝተህ እየው። አይገንቫሊዩዎቹ ግን i እና −i ናቸው። v = (1, −i) አድርግ። Av = (i, 1) ይወጣል። እሱም i ጊዜ v ነው። አሁን የሰረዝከውን vᵀv አስላው።

ኢንጂነር_ነኝ፦ 1 + (−i)² = 1 − 1 = 0። ኧረ!

ጠመኔ፦ አዎ። በዜሮ አካፍለሃል። ሰላሳ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜያለሁ፤ ይህን ስህተት ያልሠራ ጎበዝ ተማሪ አላስታውስም። ማትሪክሱ የሪል ቁጥር ስለሆነ ቬክተሩም ሪል ይመስላቸዋል። ቬክተሩ ግን ኮምፕሌክስ ሊሆን ይችላል። ያኔ vᵀv ርዝመት መሆኑ ይቀራል። ርዝመት የሚለካው በ v* ነው፤ ትራንስፖዝ አድርገህ በእያንዳንዱ ቁጥር ውስጥ የ iን ምልክት ትገለብጣለህ። የዚሁ ቬክተር v*v ሲሰላ 1 + 1 = 2 ነው። ዜሮ የሚሆነው v ራሱ ዜሮ ከሆነ ብቻ ነው።

እንግዲህ ማረጋገጫው ያንተው ነው፣ በቲው ቦታ ኮከብ ይግባ። ዩኒታሪ ማለት U*U = I ነው። ኦርቶጎናሉም የሪል ቁጥር ስለሆነ ትራንስፖዙና ኮከቡ አንድ ናቸው፣ አብሮ ይገባል። Uv = λv ይሁን፣ v ዜሮ አይደለም። የ Uvን ርዝመት ካሬ በሁለት መንገድ አስላ፦

```
(Uv)*(Uv) = v*U*Uv = v*v
(Uv)*(Uv) = (λv)*(λv) = |λ|² v*v
```

v*v ከዜሮ ይበልጣል፣ አሁን በሰላም ይሰረዛል። |λ|² = 1 ይቀራል። ልብ በል፣ λ² አይደለም፣ |λ|² ነው። λ ከዜሮ ያለው ርቀት ልክ 1 ነው ማለት ነው። ያም ክቡ ነው፣ ጠርዙ።

ዘዋሸራ፦ «ኮከብ እምኮከብ ይኄይስ ክብሩ» ይላል ሐዋርያው። እዚህ ደግሞ ኮከብ እምቲ ይኄይስ ክቡ!

ቀለም_አይበቃኝ፦ ይህችስ ተቀበለች። ቅኔ መቁጠርህን አመንኩ።

ፒክሰል_ሰፈር፦ እኔ የስልክ ጌም እሠራለሁ፣ የራሴን ጉድ ላውራ። አንድ ጎማ በየፍሬሙ 45 ዲግሪ እንዲዞር አደረግኩ። ኮሳይኑም ሳይኑም 0.7071 ገደማ ነው። ሰነፍኩና 0.7 ብዬ ጻፍኩ። ጎማው እየዞረ እያነሰ ሄደ፣ በመጨረሻ ጠፋ። ሁለት ቀን ሙሉ ስዕሉን ስፈትሽ ነበር።

ጠመኔ፦ ስዕሉ ምን አደረገ! 0.7² + 0.7² = 0.98 ነው። የአይገንቫሊዩው ርቀት የዚህ ስኩዌር ሩት ነው፣ ወደ 0.99። ማትሪክሱ ኦርቶጎናል መሆኑ ቀርቷል፣ አይገንቫሊዩዎቹም ከጠርዙ በትንሹ ወደ ውስጥ ገብተዋል። መቶ ጊዜ ስታባዛው 0.98 በራሱ ሃምሳ ጊዜ ተባዛ ማለት ነው። 0.36 ገደማ ይቀርሃል። ሌላ ጊዜ AᵀA አስላና ከ I ጋር አስተያይ፤ ሁለት ቀን አይፈጅብህም።

ሰብለ፣ ለወንድምሽ ይህን ንገሪው። ውስጥ ከሆነ ጎማው ይጠፋል፣ ውጭ ከሆነ ስክሪኑን ይሞላል። ጠርዙ ላይ ሲሆን ብቻ መጠኑን ጠብቆ ይዞራል።

ኢንጂነር_ነኝ፦ እሺ ተረታሁ። ታዲያ በግልባጩስ? አይገንቫሊዩዎቹ ጠርዙ ላይ ከሆኑ ማትሪክሱ ዩኒታሪ ነው ልበል?

ጠመኔ፦ አትበል። የላይኛው ረድፍ 1 እና 1፣ የታችኛው 0 እና 1 የሆነውን እይ። አይገንቫሊዩው 1 ብቻ ነው፣ ጠርዙ ላይ ቁጭ ብሏል። ግን (0, 1)ን ወደ (1, 1) ይወስዳል። ርዝመቱ ከ 1 ወደ √2 አደገ።

ቀለም_አይበቃኝ፦ «ተረታሁ» ስትል ትዝ አለኝ። ኦርቶጎናል የኛው ነው ብል ማን ይከለክለኛል? «ኦርቶ» ቀጥ ያለ፣ ርቱዕ ነው፣ ኦርቶዶክስን «ርትዕት ሃይማኖት» እንደምንለው። «ጎን» ደግሞ ጎን። ርቱዐ ጎን!

ዘዋሸራ፦ ግማሹን እቀበልሃለሁ። የግሪኩ «ጎንያ» ግን ማዕዘን ነው፣ ጎን አይደለም። ድምፁ ስለገጠመ ዘመድ አይሆንም። እንዲያ ካልክ አይገንም «ዐይን» ይሁንልሃ።

ቀለም_አይበቃኝ፦ ልጽፈው ስል ቀደምከኝ።

ጠመኔ፦ አይገን ጀርመንኛ ነው፣ «የራሱ የሆነ» ማለት ነው። ቃሉን በዚህ ትርጉም ሂልበርት በ1904 ተጠቅሞበታል።

ዘዋሸራ፦ የራሱ ከሆነማ በግዕዝ «ዚአሁ» ነው። ዋጋ ዚአሁ!

ሰብለ_ማስታወሻ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። «ከዜሮ ልክ 1 ርቀት ያለው ጠርዝ ላይ» ብዬ ጻፍኩት፣ ልጁም ገባው። ግሱን ግን ማንም አልነገረኝም። ይገኛሉ ነው፣ ያርፋሉ?

ዘዋሸራ፦ ያርፋሉ አትበይ፣ ማረፍ መሞትም ነው። ደግሞ ቅድም ስለ አውድማ ያነሳኸው ሰውዬ፣ አልጨረስንም።