ፊቸሩ ጥቂት ሆኖ ሦስት ፓኬጅ እንዴት ይወጣል?

ጠያቂ (ፒያሳ)፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጎንደር ላሉ መድኃኒት ቤቶች የክምችትና የሽያጭ ሶፍትዌር በወር ክፍያ አቀርባለሁ። 30 ደንበኞች አሉኝ፤ ሁሉም 800 ብር ይከፍላሉ። ጥሩ፣ የተሻለና ምርጥ ብዬ በሦስት ፓኬጅ ልከፋፍለው አስቤ ነበር፤ ግን ያለኝ ስድስት ነገር ብቻ ነው፦ ክምችት፣ ሽያጭ፣ ጊዜው የሚያልፍ መድኃኒት ማስጠንቀቂያ፣ ለየሠራተኛው የራሱ መግቢያ፣ የማታ ሪፖርት በስልክ፣ ቅርንጫፍ ማገናኘት። ሁለት ሁለት ባደርገውስ?

የማራኪው፦ ይሆናል፤ ግን የሚያጓጓውን ከታች አትስጥ። ማስጠንቀቂያውን ለጥሩው 30 ቀን ሲቀር፣ ለተሻለው ስድስት ወር ሲቀር አድርገው። ያኔ ሰው ራሱ ከፍ ይላል።

ባለ መድኃኒት ቤቷ፦ ወንድሜ፣ 30 ቀን ሲቀረው ብትነግረኝ ምን ላደርገው ነው? እኔ የምገዛበት አከፋፋይ በዚያን ጊዜ አይመልስልኝም፤ የሦስት ወር ለሚወስድ በሽተኛም አልሰጠውም። ሶፍትዌር የምገዛው እኮ ለዚሁ ነው። ሌላው፣ ኔትወርክ ሲጠፋ መሸጥ መቻል አለብኝ። ይህን ምርጡ ላይ የሰቀልከው ዕለት ወደ ደብተሬ ተመለስኩ ማለት ነው።

የጂሙ ባለቤት፦ እኔ የዓመት አንድ ላይ ለሚከፍል ሁለት ወር በነፃ እሰጣለሁ፤ ብዙ ሰው ወደደው። አንተም ሞክረው።

የአዘዞው፦ የጂሙ ወንድማችን ያልከው የአከፋፈል ቅናሽ ነው፤ በየትኛውም ፓኬጅ ላይ ሊጨመር ይችላል። የተጠየቀው ሌላ ነው።

ጠያቂ፣ ስድስት ፊቸር ለሦስት ማካፈሉን ተወው። እህታችን እንዳለችው ክምችት፣ ሽያጭና ማስጠንቀቂያ አንድ ሥራ ናቸው፤ ከተነጣጠሉ ታችኛው ፓኬጅ ጎዶሎ ይሆናል፤ ጎዶሎ የገዛ ሰው ደግሞ ከፍ አይልም፣ ይተውሃል። ያለ ኔትወርክ መሸጥም ለሁሉም ይሁን።

ይልቅ ደንበኞችህን በአንድ ጥያቄ ለያቸው፦ ባለቤቱ የት ነው ያለው? አንዳንዱ ራሱ ቆሞ ይሸጣል። አንዳንዱ ፋርማሲስት ቀጥሮ ሌላ ሥራ ላይ ነው። ጥቂቱ ደግሞ ሁለት ቦታ ከፍቷል። ለመጀመሪያው የማታ ሪፖርት ትርፍ ነገር ነው፤ ለሁለተኛው ግን እንቅልፉ ነው። እንግዲህ ጥሩው በአንድ መግቢያ ሙሉ ሥራ ይሥራ። የተሻለው ላይ የየሠራተኛው መግቢያ፣ የማታ ሪፖርት፣ ደግሞም ማን ሽያጭ እንደሰረዘ የሚያሳይ መዝገብ ጨምር (ከሌለህ ይህን አንዱን ሥራው)። ምርጡ ቅርንጫፍ ማገናኘት ነው።

ጠያቂ፦ ቆጠርኳቸው። ራሳቸው የሚሸጡ 17፣ ሠራተኛ ያላቸው 10፣ ሁለት ቦታ ያላቸው 3። ግን የታችኛውን ዋጋ ከቀነስኩ አልከስርም? ደግሞ 10ሩም በአንድ ይለፍ ቃል እየተጋሩ ታች ቢቀመጡስ?

የአዘዞው፦ 700፣ 1,300 እና 2,800 ብር እንበል። ሁሉም በቦታቸው ከገቡ 11,900፣ 13,000 እና 8,400 ነው፤ ድምሩ 33,300። አሁን የምታገኘው 24,000 ነው። 10ሩም ታች ቢቀሩ እንኳ 27,300 ይሆናል። ስስ ቦታህ ሦስቱ ናቸው፤ እነሱ 2,800 እምቢ ብለው በየቅርንጫፉ ታችኛውን ቢገዙ ለሁለት ቦታ 1,400 ብቻ ይከፍላሉ። ስለዚህ ዋጋውን ከማውጣትህ በፊት ሦስቱንም ሄደህ አነጋግር።

መጋራቱን በክልከላ አትታገለው። በአንድ መግቢያ ሁሉም ከሠራ ሂሳብ ሲጎድል ማን እንደሰረዘ አይታወቅም፤ ባለቤቱን ከፍ የሚያደርገው ይኸው ነው። ሠራተኛ ካላቸው አብዛኞቹ ታች ከቀሩ ግን መዝገቡ አልታያቸውም ወይም 600 ብሩ ልዩነት በዝቷል ማለት ነው። ሁለቱን ለመለየት ለጥቂቶቹ የተሻለውን ለአንድ ወር ክፈትላቸውና የማታውን ሪፖርት ይከፍቱት እንደሆነ እይ። እየከፈቱት ካልገዙ ዋጋው ነው።

የማራኪው፦ ማስጠንቀቂያውን በተመለከተ ተረትቻለሁ። ግን ለ3 ሰው ብሎ ሦስተኛ ፓኬጅ ምን ያደርጋል? ሁለት አድርጎ ቅርንጫፍ ለሚፈልግ በተጨማሪ ክፍያ መሸጥ አይቀልም?

የአዘዞው፦ ያስኬዳል። እኔ ሦስተኛውን የምፈልገው 2,800 አጠገቡ ሲኖር 1,300ው ስለማይከብድ ጭምር ነው። 30 ደንበኛ ላይ ይህ ምን ያህል እንደሚሠራ ግን አልከራከርህም።

ባለ መድኃኒት ቤቷ፦ የድሮ ደንበኞችስ? ሠራተኛ ቀጥሬ በ800 ሁሉንም እያገኘሁ ነው። በአንድ ሌሊት 1,300 ብትለኝ ጎረቤቶቼም ይሰሙታል።

ጠያቂ፦ እህቴ፣ የድሮዎቹ እስከ ሰኔ መጨረሻ በ800 ይቆያሉ። ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው ገና አልወሰንኩም። መጀመሪያ ሦስቱን ባለ ቅርንጫፎች አነጋግራለሁ።