የቀኙ ማዳመጫ ከግራው ቀድሞ ያልቃል፤ ባትሪውን ላስቀይር፣ ነጠላውን ልግዛ ወይስ ሙሉውን ልተካ?

ነጠላ ጆሮ
ሰላም ለሁላችሁ። ሃያ ወር የተጠቀምኩበት ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ አለኝ። አዲስ በነበረበት ጊዜ ሁለቱም በአንድ ቻርጅ አምስት ሰዓት ያህል ይቆዩልኝ ነበር። አሁን ግን ቀኙ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ይጠፋል፤ ግራው ደግሞ ሦስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይቆያል። ለሥራ ስልክ የማወራው በቀኙ ብቻ ስለሆነ ቀኙ በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ሲሠራ ግራው ከሁለት ሰዓት ተኩል አይበልጥም። ኬዙ ማታ ማታ ገመድ አልባ ቻርጀር ላይ ያድራል። ሦስት አማራጭ ታይቶኛል፦ ባትሪውን በጠጋኝ ማስቀየር፣ ነጠላ ቀኝ ማዳመጫ መግዛት፣ ወይም ሙሉውን መተካት። የትኛውን ትመክሩኛላችሁ? አዲስ የምገዛ ከሆነስ ይህ እንዳይደገም ምን ልመልከት?

አሮጌ ሬዲዮ
ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት እስከ መጨረሻው አሟጠው ይጠቀሙና ከዚያ መቶ በመቶ ይሙሉት። ይህንን አራት አምስት ጊዜ ቢደጋግሙት ባትሪው ተነቃቅቶ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። እኔ የእጅ ሬዲዮዬን ለዓመታት ያቆየሁት በዚህ መንገድ ነው።

የሥራ ጠረጴዛ
ጋሼ አሮጌ ሬዲዮ የሚሉት ለኒኬል ባትሪ የሚሠራ ምክር ነበር፤ የጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ያለው ግን ሊቲየም ነው። ሊቲየም ባትሪን ደጋግሞ ማሟጠጥ ዕድሜውን ያሳጥረዋል እንጂ አያድሰውም። አንድ ጊዜ አሟጥጦ መሙላት ስክሪኑ ላይ የሚታየው ፐርሰንት የተዛባ ከሆነ ሊያስተካክለው ይችላል፤ የጠፋውን አቅም ግን አይመልስም።

ለጠያቂው፦ አማራጮቹን ከማነጻጸርዎ በፊት በእርግጥ ባትሪው አርጅቶ መሆኑን ይለዩ፤ በየቀኑ ከማያቸው «ያረጁ» ማዳመጫዎች ጥቂት የማይባሉት መገናኛቸው ቆሽሾ በደንብ ሳይሞሉ የቀሩ ናቸው። ማዳመጫው ሥር ያሉትን ትንንሽ ቢጫ ነጥቦችና ኬዙ ውስጥ እነሱን የሚነኩትን ስፕሪንግ ያላቸው ዘንጎች አልኮል በጥቂቱ በነካ የጥጥ እንጨት ይጥረጉና እስኪደርቅ ይጠብቁ። ከዚያ ሦስት ቀን በተከታታይ ሁለቱንም ሞልተው፣ በአንድ ዓይነት የድምፅ መጠን፣ የውጭ ድምፅ ማፈኛውን አጥፍተው እስኪጠፉ ያዳምጡና ሰዓቱን ይመዝግቡ። ቀኙ አንድ ቀን አራት ሰዓት፣ በማግስቱ አርባ ደቂቃ የሚቆይ ከሆነ ችግሩ መገናኛው ነው። በየቀኑ ተመሳሳይ አጭር ሰዓት ከሰጠ ግን ባትሪው ራሱ ደክሟል።

ተስፋ የቆረጠ
እባክዎ ለጠጋኝ አይስጡ። የእኔን ወስጄ ባትሪው ተቀየረልኝ፤ ሁለት ሳምንት በሚገባ ሠራ፤ በሦስተኛው ሳምንት ስፖርት ስሠራ ላብ ገባበትና ድምፁ ተቋረጠ። መልሼ ስወስደው ጠጋኙ «እኔ ባትሪ እንጂ የውሃ መከላከያ አልሸጥኩልህም» አለኝ። በግልጽ ለመናገር፣ ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ስፖርት ቤት ይዤው አልገባም ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዝናብ ወዳድ
የእኔም ከጥገና በኋላ ክፍተቱ በደንብ አልገጠመም፤ ጆሮዬን ይቧጥጠኛል። ተስፋ የቆረጠ፣ የእርስዎን በሙጫ መልሰው ነው የዘጉት ወይስ በሁለት ፊት ተለጣፊ?

ተስፋ የቆረጠ
በሙጫ ነው፤ ያውም ትርፉ ወደ ውጭ ፈስሶ ይታያል። ፎቶውን ብታዩት ታዝናላችሁ።

ቀልደኛው ጎረቤት
እንግዲህ ጥያቄው «ባትሪዬን ምን ላድርገው» የሚል ነበር፤ አሁን የሙጫ ዓይነት ውይይት ላይ ደርሰናል። በዚህ ፍጥነት ማታ ላይ ስለ ሲሚንቶ እናወራለን ማለት ነው። ጠያቂው ይህንን ሁሉ እስኪያነብ የግራውም ባትሪ ማለቁ አይቀርም።

የሥራ ጠረጴዛ
ቀልዱ እንዳለ ሆኖ፣ ተስፋ የቆረጠ የተናገረው ጠቃሚ ነው። ማዳመጫው ፋብሪካ ላይ ተጣብቆ የተዘጋ ስለሆነ አንዴ ከተከፈተ የውሃ መከላከያው እንደ ነበረ አይመለስም። ሌላም የማይነገር ነገር አለ፦ በብዙዎቹ ውስጥ ያለው እንደ አዝራር የተቀረጸ ትንሽ ባትሪ ሲሆን ጫፎቹ ላይ የተበየዱ ቀጫጭን ብረቶች አሉት። ጠጋኙ እነዚህን ብረቶች ይዞ የመጣ ባትሪ ከመግጠም ይልቅ በቀጥታ ባትሪው ገላ ላይ በካውያ ከበየደ ሙቀቱ አዲሱን ባትሪ ገና ሳይሠራበት ይጎዳዋል። ስለዚህ ባትሪ የሚያስቀይር ሰው «ብረቱ የተበየደለት ባትሪ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልስ ካላገኘ ይዞ ይመለስ።

ሁሌም ያቺው
ይህ ሁሉ ጭንቀት ርካሽ ዕቃ ከመግዛት የመጣ ነው። እኔ አራት ዓመት የያዝኩት ማዳመጫ አለኝ፤ ባትሪው ዛሬም እንደ አዲስ ነው። የዚያን ድርጅት ዕቃ ይግዙና ይገላገሉ። ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

የሥራ ጠረጴዛ
በቀን ለስንት ሰዓት ይጠቀሙበታል?

ሁሌም ያቺው
ጠዋት ስራመድ፤ አርባ ደቂቃ ቢሆን ነው። ነገሩ ግን የጥራት ነው።

የሥራ ጠረጴዛ
ጥራቱን አልክድም፤ ነገር ግን ሒሳቡን አብረን እንየው። አምስት ሰዓት የሚቆይ ማዳመጫ በቀን አርባ ደቂቃ ሲሠራ አንድ ሙሉ ቻርጅ የሚጨርሰው በሳምንት አንዴ ያህል ነው፤ በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት መቶ ገደማ ይሆናል። የጠያቂው ቀኝ ማዳመጫ በቀን ስድስት ሰዓት ሲሠራ ከአንድ ሙሉ ቻርጅ በላይ ይጨርሳል። በሃያ ወር፣ ማለትም በ600 ቀን ገደማ፣ 720 ጊዜ ያህል ተሞልቶ አልቋል፤ ግራው ግን 300 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ትንንሽ ባትሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚጠበቀው ከ300 እስከ 500 ሙሉ ቻርጅ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ማዳመጫዎች በአንድ ቀን የተገዙ ቢሆኑም በዕድሜ እኩዮች አይደሉም። ስልክ ማውራት ደግሞ ማይክሮፎኑንና መላኪያውን ስለሚያሠራ ከማዳመጥ የበለጠ ባትሪ ይበላል፤ ቀኙ የደከመው በዚህም ምክንያት ነው።

አቅሙ የሚጠፋበትን መንገድ በአጭሩ ልግለጸው። ባትሪው ሲሞላና ሲያልቅ የሚመላለሰው ሊቲየም በአንደኛው ጎን ላይ ቀስ በቀስ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ሽፋኑ ውስጥ የገባው ሊቲየም ተመልሶ አይወጣም። ይህ ሽፋን የሚፋጠነው ባትሪው ሞልቶ በሚቆይበት ጊዜና በሙቀት ነው፤ ባይጠቀሙበትም አያቆምም። ኬዙ ማዳመጫውን በገባ ቁጥር እስከ መቶ ስለሚሞላው ሙሉ ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ ብዙ ነው። ገመድ አልባ ቻርጀሩ ደግሞ ሌሊቱን ያሞቀዋል፤ በሞቃት ቀን በፀሐይ የተቀመጠ መኪና ውስጥ መተው ከዚያም የባሰ ነው።

ወይዘሮ መሳቢያ
እኔም እንደ እርስዎ ዓይነት ችግር አለብኝ፤ ግን የእኔ የሚያልቀው ኬዙ ነው። ሞልቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፣ በአሥር ቀን ባዶ ሆኖ አገኘዋለሁ። ብዙም አልጠቀምበትም። ኬዙን ልቀይር?

የሥራ ጠረጴዛ
እትዬ፣ ይህ ሌላ ጥያቄ ቢሆንም ጥሩ ጥያቄ ነው። ማዳመጫዎቹን አውጥተው ባዶውን ኬዝ ሞልተው ክዳኑን ዘግተው ለአንድ ሳምንት ያስቀምጡት። ባዶውም ከቀነሰ ችግሩ የኬዙ ነው። ባዶው ካልቀነሰ ግን ከማዳመጫዎቹ አንዱ በደንብ ባለመቀመጡ ከስልኩ ጋር እየተገናኘ ባትሪ ይጨርሳል፣ ኬዙም ያንን እየደጋገመ ይሞላለታል። ለረጅም ጊዜ የማይጠቀሙበት ከሆነ ደግሞ ሁሉንም ግማሽ ገደማ ላይ አድርገው ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ያስቀምጡ፤ በየሁለት ሦስት ወሩ ይመልከቱት፤ ፈጽሞ ባዶ ሆኖ ለወራት የተቀመጠ ባትሪ ዳግም ላይነሳ ይችላልና።

ነጠላ ጆሮ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መገናኛውን አጽድቼ ለሦስት ቀን መዘገብኩ፤ ቀኙ አንድ ሰዓት ከሃምሳ፣ አንድ ሰዓት ከአርባ ሰባት፣ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ደቂቃ ሰጠኝ፤ ግራው ሦስቱንም ቀን ሦስት ሰዓት ከአርባ አካባቢ። ስለዚህ ባትሪው ነው ማለት ነው። ነጠላውን ብገዛስ?

የሥራ ጠረጴዛ
አዎን፣ ባትሪው ነው፤ ቀኙ ከአዲሱ አቅሙ ሲሶ ብዙም አልበለጠም። ነጠላ መግዛት ከጥገና የሚሻለው የውሃ መከላከያው ሳይነካ ስለሚቀር ነው። ነገር ግን የሞዴሉ ቁጥር ፊደል ለፊደል አንድ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ከግራው ጋር አይጣመርም። ግራውም አሁን ሦስት አራተኛ አቅም ላይ ስለሆነ አንድ ዓመት ሳይሞላ የሱ ተራ ይመጣል። ሙሉውን የሚተኩ ከሆነ በመተግበሪያው ሴቲንግ ውስጥ ቻርጁን 80 በመቶ ላይ የሚያቆም አማራጭ ያለውን ይፈልጉ። ባትሪው በቤት ውስጥ እንዲቀየር ተደርጎ የተሠራም አለ፤ ፌርፎን በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፌርበድስ የሁለቱም ማዳመጫና የኬዙ ባትሪ የሚቀየር ነው።

ዝናብ ወዳድ
80 ላይ ማቆም ግን ከአምስት ሰዓት አንድ ሰዓት ከመጀመሪያው ቀን አሳልፎ መስጠት አይደለምን? ባትሪው እንዳያረጅ ብዬ በፈቃዴ ያረጀ ባትሪ እንደያዝኩ ልኑር?

የሥራ ጠረጴዛ
ለእርስዎ ምናልባት አዎን። ለስድስት ሰዓት ተጠቃሚ ግን የሚያወሩበትን ጆሮ ማቀያየርም አለ፤ ዛሬ በቀኙ ካወሩ ነገ በግራው። ይህ ምንም አያስወጣም።

ሁሌም ያቺው
ያቺን ቢገዙ ማቀያየር ራሱ አያስፈልግም ነበር።

ቀልደኛው ጎረቤት
እኔ አሁን በአርባ ደቂቃ የእግር ጉዞ አራት ዓመት የሚቆይ እግር የት እንደሚሸጥ ነው የምጠይቀው። ይልቅ አንድ ቁም ነገር ልጨምር፦ ማዳመጫው መጋጠሚያው ላይ ከተከፈተ ወይም የኬዙ ክዳን ካለ ምክንያት አልገጥም ካለ ባትሪው አብጦ ሊሆን ስለሚችል ቻርጅ አያድርጉት፣ በስለትም አይክፈቱት። የወንድሜ ኬዝ እንዲህ ሆኖ ነበር፤ እሱ ግን ለወር ያህል በላስቲክ አስሮ ተጠቀመበት።

ወይዘሮ መሳቢያ
ባዶውን ኬዝ ሳምንቱን አስቀመጥኩት፤ ከመቶ ወደ 97 ብቻ ነው የወረደው። ከዚያ ማዳመጫዎቹን መልሼ ሳስገባ የግራው ትንሽ ከፍ ብሎ እንደሚቀመጥ አየሁ። ባለፈው ዓመት ልጄ የቀየረችልኝ የጎማ ጫፍ ከመጀመሪያው ስለሚወፍር ከሥሩ ያሉት ነጥቦች በደንብ አይነኩም ነበር። የቀድሞውን ጎማ መልሼበታለሁ።